የምንከፍለው ለጫማው ነው ወይስ ለስሙ?

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለውን ምሳሌ አባቶቻችን የተናገሩት ስለ ሰው እንጂ ስለ ጫማ አይደለም። ስለ ጫማ የተናገሩት ቢሆን ኖሮ ባለፈው ክረምት በእኛ ላይ የደረሰውን አይተው ሐሳባቸውን በለወጡ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀን ሥራ እንደያዝን ከደመወዛችን ጥቂት በጥቂት እያጠራቀምን፣ ስሙ በባሕር ማዶ የታወቀ አንድ ጥንድ ጥቁር የቆዳ ጫማ ገዛን። ዋጋው 9,000 ብር ነበር። በዚያው መንገድ ላይ በሚገኝ ሌላ ሱቅ፣ በመልኩ ከዚህኛው የማይለይ፣ ነገር ግን ስም የሌለው ጫማ በ3,500 ብር ቀርቦልን ነበር። እኛ ግን «ርካሽ ነገር መልሶ ያስወጣል» ብለን አለፍነው። ውድ የሆነው ጥሩ ቢሆን ነው፤ ጥሩ ባይሆን ማን ይገዛዋል ብለን ነበር ያሰብነው። ጫማው አንድ ዓመት ከሦስት ወር ካገለገለን በኋላ በሁለተኛው ክረምት መካከል የቀኙ ሶል ከፊት በኩል እንደ አዞ አፍ ተከፈተ።

በሠፈራችን ለብዙ ዘመን ጫማ ሲሰፉ የኖሩ አንድ አዛውንት አሉ። የተከፈተውን ጫማ በላስቲክ ጠቅልለን ወሰድንላቸው። አገላብጠው ካዩት በኋላ «ልጄ፣ ስንት ገዛኸው?» አሉን። ዋጋውን ስንነግራቸው ወስፌያቸውን አስቀመጡና «እሱስ ይሁን፤ ጫማውን ስንት ገዛኸው፣ ስሙንስ ስንት ገዛኸው?» ሲሉ ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው።

አዛውንቱ በመጀመሪያ ያሳዩን ሶሉ የተለያየበትን ቦታ ነበር። ማስቲሹ በሙሉ ከሶሉ ጋር ቀርቷል፤ በላዩም ላይ ስስ ጥቁር የቀለም ልባስ ተለጥፎበታል። የላይኛው ቆዳ ደግሞ ምንም ማስቲሽ እንዳልነካው ሁሉ ለስላሳ ሆኖ ይታያል። «ይህ የማስቲሹ ጥፋት አይደለም፤ የሠራተኛው ጥድፊያ ነው» አሉን። ምክንያቱንም ሲያስረዱን፣ ቆዳ በፋብሪካ ሲያልቅ በላዩ ላይ ቀለምና ማንጸባረቂያ ይቀባል፤ ሶል የሚጣበቅበት ጠርዝ ግን ይህ ቅባት በብረት ብሩሽ ወይም በአሸዋ ወረቀት ተፍቆ፣ የቆዳው ጭረት እስኪታይ ድረስ መሻከር አለበት። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ወገን ማስቲሽ ተቀብቶ፣ ጥቂት ደርቆ፣ በሙቀት ነፍስ ዘርቶ ይጫናል። ጠርዙ ሳይፋቅ ከቀረ ማስቲሹ የሚይዘው ቆዳውን ሳይሆን ቀለሙን ነው። ቀለሙ በውሃና በመታጠፍ ብዛት ሲላቀቅ ሶሉም አብሮ ይሄዳል። እንግዲህ በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ስም ይህን የጥቂት ደቂቃ ሥራ ሊተካልን አልቻለም።

በማስቲሽ የተጣበቀ ጫማ ሁሉ መጥፎ ነው ማለታችን እንዳልሆነ አንባቢያችን ይረዱልን። በዓለም ገበያ ከሚሸጠው ጫማ አብዛኛው በማስቲሽ የተሠራ ነው፤ በደንብ ከተሠራ ቀላል ነው፣ እንደ ልብ ይተጣጠፋል፣ የስፌት ቀዳዳ ስለሌለውም ውሃ በቀላሉ አያስገባም። ድክመቱ ሶሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ሌላ ሶል ለመተካት ያስቸግራል፣ ቢተካም እንደ ፊተኛው አይሆንም። ስለዚህ በማስቲሽ ለተጣበቀ ጫማ የምንከፍለው ዋጋ ለአንድ ሶል ዕድሜ ብቻ መሆኑን ማወቅ ይገባናል።

አዛውንቱ ከመደርደሪያቸው ላይ ሌላ ጫማ አወረዱ። ያረጀ፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ ግን ያልተጣመመ ቡኒ ጫማ ነበር። ባለቤቱ ሶሉን ሦስት ጊዜ አስለውጦታል። በዚህ ጫማ ዙሪያ፣ የላይኛው ቆዳና ሶሉ በሚገናኙበት ቦታ፣ ጠባብ የቆዳ ጠፍር ይዞራል። አንዱ ስፌት ጠፍሩን ከላይኛው ቆዳና ከውስጥ ሶሉ ጋር ያያይዘዋል፤ ሌላው ስፌት ደግሞ ጠፍሩን ከታችኛው ሶል ጋር ያያይዘዋል። ሶሉ ሲያልቅ የሚፈታው ሁለተኛው ስፌት ብቻ ስለሆነ የላይኛው ቆዳ ሳይነካ አዲስ ሶል ይሰፋለታል። ይህን ሥራ በመኪና እንዲሠራ ያደረገው በ19ኛው መቶ ዓመት የኖረው አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር ትንሹ ነው፤ አባቱ ላስቲክን በድኝና በእሳት ያጠነከረው የታወቀው ቻርልስ ጉድይር ነበር። እስከ ዛሬም አሠራሩ በልጁ ስም ይጠራል።

እንዲህ ያለው ስፌት ዋጋ ቢጨምር በምክንያት ነው። ጠፍር ይፈልጋል፣ ወፍራም የውስጥ ሶል ይፈልጋል፣ ልዩ መኪና ወይም ብርቱ እጅ ይፈልጋል፣ ከማጣበቅም የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ዳሩ ግን ነጋዴ ብልህ ነው። ጠፍር የሚመስል ላስቲክ በጠርዙ ላይ አጣብቆ፣ ስፌት የሚመስል መስመር ያትምበትና «የተሰፋ ነው» ብሎ ይሸጣል። አዛውንቱ እንዳስተማሩን፣ በመጀመሪያ ጫማውን ገልብጦ ከታች ማየት ነው። ክሩ እዚያም ከታየ፣ ወይም ስፌቱ የተደበቀበት ቦይ ከታየ፣ ጥሩ ምልክት ነው። ቀጥሎም ክሩን በጥፍር መንካት ነው፤ እውነተኛ ክር ከነጠላው ይለያል፣ የታተመው ግን ከላስቲኩ ጋር አንድ አካል ነው። ሻጩ ከፈቀደም የውስጡን ንጣፍ ከተረከዙ በኩል ቀና አድርጎ ማየት ይቻላል። በውስጥ ሶሉ ዙሪያ የክር መስመር ከታየ፣ ጫማው ከውስጥ ወደ ታች በአንድ ስፌት ብቻ የተያያዘ ነው ማለት ነው። ይህም ስፌት ነው፤ ሶሉም ሊለወጥ ይችላል፤ ነገር ግን በክሩ ቀዳዳ ውሃ ሽቅብ ስለሚገባ ለክረምት አይመረጥም።

ከሶሉ ቀጥሎ የቆዳው ነገር ይመጣል። በዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንታለለው «እውነተኛ ቆዳ» በሚለው ማኅተም ነው። ማኅተሙ ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው፤ ጤፍ ሁሉ ጤፍ ነው እንደማለት ነው። የከብት ቆዳ ወፍራም ስለሆነ በፋብሪካ በመኪና ለሁለት ወይም ከዚያ በላይ ይሰነጠቃል። የላይኛው፣ ጠጉር የበቀለበት ክፍል፣ ጭረቱ የተጠላለፈና ጠንካራ ነው። የታችኛው ስንጣቂ ልል ስለሆነ ብዙ ጊዜ በፕላስቲክ ልባስ ተሸፍኖ ነው የሚሸጠው። ሁለቱም «ቆዳ» ይባላሉ፤ በጥንካሬያቸው ግን ሰማይና ምድር ናቸው።

የላይኛውም ክፍል ቢሆን እንዳለ ሊቀር ወይም ሊፋቅ ይችላል። የከብቶቻችን ቆዳ የእሾህ ጭረት፣ የመዥገር ጠባሳ፣ የመተኮስ ምልክት፣ በዕርድ ጊዜ የቢላዋ ቁስል ያለበት በመሆኑ፣ ንጹሕ ሆኖ የሚወጣው ጥቂት ነው። ንጹሑ ፊቱ ሳይፋቅ ይቀራል፤ ስለሚያንስም ይወደዳል። ጠባሳ ያለበት ግን ፊቱ በአሸዋ ወረቀት ይፋቃል፣ ወፍራም ቀለም ይቀባል፣ ከዚያም የቆዳ ዓይን የሚመስል ቅርጽ በማተሚያ ይታተምበታል። እዚህ ላይ የዋጋ ልዩነት ቢኖር ከቆዳው የመጣ እውነተኛ ልዩነት ነው።

እንዴት ይለያል? የጫማውን ገጽ በብርሃን አጠገብ አድርገን ስናየው፣ ያልተፋቀው ቆዳ የጠጉር ቀዳዳዎቹ እንደ ተፈጥሮ አንዱ ጠበቅ ሌላው ራቅ ብለው ይታያሉ። የታተመው ግን እንደ ግድግዳ ወረቀት ያው ቅርጽ ይደጋገማል። በአውራ ጣት ጫን ስንለው ያልተፋቀው ቆዳ ደቃቅ መስመሮች ያወጣና ስንለቀው ይጠፋሉ። በስንጣቂ ወይም ከሆድ አካባቢ በተቆረጠ ልል ቆዳ ላይ ግን ሰፋፊ፣ እንደ ተጨማደደ ላስቲክ ያሉ መስመሮች ይታያሉ። ቆዳ መሰል ሰው ሠራሽ ከሆነ ደግሞ ያልታጠፈ ጠርዙን ማየት ይበቃል፤ ከሥሩ የቆዳ ጭረት ሳይሆን የጨርቅ ሽመና ይወጣል። አንዳንድ ሰው በክብሪት አቃጥሎ መፈተን ይወዳል። ይህ ግን ጫማውን ከማበላሸቱም በላይ እውነተኛ ቆዳም በላዩ ያለው ልባስ ስለሚቃጠል ያሳስታል።

እዚህም ቢሆን ፍርዳችን የተመዛዘነ ይሁን። የተፋቀና የታተመ ቆዳ ሁልጊዜ መናቅ የለበትም። ልባሱ ጭቃንና ዝናብን ስለሚቋቋም፣ በጨርቅ ጠርጎ ለመሄድ ለሚፈልግ ሰው ይመቻል። ጥፋቱ የታተመውን ቆዳ ባልተፋቀው ዋጋ መግዛት ነው። የእኛም 9,000 ብር ጫማ ሲመረመር የተገኘው ይኸው ነው፤ ገጹ የታተመ፣ ገበሩ ከቆዳ ሳይሆን ላብ ከማይመጥጥ ሰው ሠራሽ ጨርቅ የተሠራ፣ የተረከዙ ደጋፊ በእጅ ሲጫኑት ጎድጎድ ብሎ የሚቀር ካርቶን ነበር። በሁሉም ነገር የ3,500 ብሩ ጫማ ወንድም ነው። የ5,500 ብሩ ልዩነት የት ገባ ቢባል፣ ለማስታወቂያው፣ ለሱቁ መስተዋት፣ ለሣጥኑና ለስሙ ነው ከማለት በቀር ሌላ አናገኝም።

እንዲህ ያለው መታለል የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ አካባቢ ርካሽ ጫማ በመሸጥ የታወቀው ፔይለስ የተባለ ኩባንያ አንድ ጨዋታ ተጫወተ። የገዛ ስሙን አዛብቶ «ፓሌሲ» የሚል የጣሊያን ስም የሚመስል ሱቅ ከፈተ፤ ሱቁን እንደ ቤተ መንግሥት አስጌጠና በፋሽን የታወቁ ሰዎችን ጋበዘ። በተራ ሱቆቹ ከ20 እስከ 40 ዶላር ይሸጣቸው የነበሩትን ጫማዎች እዚያ በመቶዎች ዶላር አቀረባቸው። ተጋባዦቹ ቆዳውን እያደነቁ ገዙ፤ አንድ ጥንድ እስከ 640 ዶላር ተከፍሎበታል። በመጨረሻ እውነቱ ተነግሯቸው ገንዘባቸው ተመለሰላቸው። በእርግጥ ይህ ለማስታወቂያ የተሠራ ሥራ እንጂ የሳይንስ ምርመራ አይደለም። ቢሆንም ስምና ያማረ ሱቅ ዓይናችንን ብቻ ሳይሆን የእጃችንን ስሜት ጭምር እንዴት እንደሚገዛ በግልጽ ያሳያል።

ታዲያ ስም ዋጋ የለውም ማለት ነውን? አይደለም። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው፣ በኋላም በ2001 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ባስገኘለት ሥራው፣ ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ጽፏል። ገዢ የዕቃውን ውስጥ ማየት ካልቻለ ጥሩውንና መጥፎውን በአንድ ዓይን ስለሚያይ ለጥሩው የሚገባውን ዋጋ አይከፍልም፤ ስለዚህ ጥሩ ዕቃ ያለው ሻጭ ቀስ በቀስ ከገበያው ይወጣል ይላል። ለዚህም ችግር መድኃኒት ከሚሆኑት መካከል ዋስትናንና የታወቀ ስምን ይቆጥራል። ጫማም ይህ ጠባይ አለው። ከውስጥ ሶሉ በታች እግርን ቀጥ አድርጎ የሚይዘውን ብረት፣ የጣቱን ደጋፊ፣ የጠርዙን መፈቅፈቅ ገዢ ሊያይ አይችልም። ለማናየው ነገር ስሙን አምነን ጥቂት ብንጨምር ሞኝነት አይደለም።

ነገር ግን ስም ዋስ የሚሆነው ባለስሙ ቢያታልል የሚያጣው ነገር ሲኖር ብቻ ነው። ጫማው ሲከፈት የሚጠግን ወይም የሚለውጥ፣ ይህንንም በጽሑፍ ያረጋገጠ፣ ነገም በዚያው ቦታ የምናገኘው ሻጭ ከሆነ ስሙ መያዣ ነው። ስሙ የታተመ ወርቃማ ፊደል ብቻ ሆኖ፣ ጫማው ቢበላሽ የምንሄድበት ሰው ከሌለ ግን ዋስ የሌለው ብድር ነው። እኛ የተከፈተውን ጫማ ይዘን ወደ ገዛንበት ሱቅ በተመለስን ጊዜ የተሰጠን መልስ «ዝናብ ላይ ለበስከው» የሚል ነበር። በክረምት አዲስ አበባ ውስጥ ዝናብ የማይነካው ጫማ የት እንደሚለበስ ግን አልተነገረንም።

በሌላም በኩል ጥሩ የሚባለው ሁሉ ርካሽ መሆን አለበት ብለን እንዳንሳሳት ሒሳቡን በምሳሌ እንሥራ። የእኛ ጫማ 9,000 ብር ለ15 ወር አገልግሏል፤ በወር 600 ብር ነው። ስም የሌለው የ3,500 ብሩ ጫማ ያንኑ ያህል ያገለግላል ብንል በወር 233 ብር ገደማ ይሆናል። አሁን ደግሞ ጠፍር የተሰፋለት፣ ፊቱ ያልተፋቀ ቆዳ የሆነ ጫማ በ8,000 ብር ገዛን እንበል። ሁለት ጊዜ በ1,500 ብር ሶል ብናስለውጥለት ጠቅላላው 11,000 ብር ይሆናል፤ አምስት ዓመት ቢያገለግለን በወር 183 ብር ገደማ ነው። ስለዚህ ከሦስቱ ጫማዎች ርካሹ 8,000 ብር የተባለው ነው፤ ውዱ ደግሞ የእኛው ነው። ሁለቱ በመግዣ ዋጋ ተቀራራቢ ሲሆኑ በውስጣቸው ግን አይገናኙም። ዋጋ ብቻውን ምንም የማይናገር ዲዳ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ይህ ሒሳብ ገደብ አለው። ጫማን ቀለም የማይቀባ፣ የረጠበውን በእሳት ዳር የሚያደርቅ ሰው የትኛውንም ቆዳ አምስት ዓመት አያቆይም። እንደዚሁም ፖሊዩሬቴን ከሚባል ቀላል አረፋ መሰል ነገር የተሠራ ሶል፣ ሳይለበስ እንኳ በሣጥን ውስጥ ለዓመታት ከተቀመጠ ከአየሩ እርጥበት የተነሣ ይበሰብስና አንድ ቀን እንደ ቂጣ ይፈረፈራል። ስለዚህ «የታወቀ ስም ነው፤ ቅናሽ ላይ ነው» ተብሎ ከመጋዘን የወጣ ጫማ ሲቀርብልን፣ ሶሉን በጥፍር ጫን ብለን መሰንጠቁን ወይም መጣበቁን እንመልከት።

ከአዛውንቱ ዘንድ ከመነሣታችን በፊት የሰማነው ነገር ግን ከሁሉ ይበልጥ አሳዘነን። የእጃቸውን ሥራ አዲስ ጫማ አንሥተን ዋጋውን ጠየቅን። «4,000 ብር» አሉ። ወዲያውም ከመሳቢያቸው ትንሽ የብረት ማኅተም አወጡ፤ በላዩ የባሕር ማዶ ስም ተቀርጾበታል። «ባለ ሱቆች ከእኔ ሲወስዱ ይህን አትምበት ይሉኛል። ካተምኩበት እነሱ በእጥፍ ይሸጡታል፤ ለእኔ ግን የሚከፍሉኝ ያንኑ ነው። በራሴ ስም ባደርገው ደግሞ ማንም ዞር ብሎ አያየውም» አሉን። «ታዲያ አባባ፣ ያትማሉ?» ብንላቸው «ልጆች አሉኝ» ብለው ዝም አሉ።

እንግዲህ ለስም የምንከፍለው ትርፍ ገንዘብ ከኪሳችን ወጥቶ የሚቀር ብቻ አይደለም። ጠርዙን በትዕግሥት ለሚፍቀው እጅ መድረስ የነበረበት ገንዘብ ለማኅተሙ ይሄዳል። ባለሙያውም ሙያውን ሳይሆን ማኅተሙን ማሳመር እንደሚያዋጣው ይማራል። ነገ ጠርዙ ሳይፋቅ ቢጣበቅ ጥፋቱ የእሱ ብቻ ነው ለማለት እንዴት እንደፍራለን?

ስለዚህ በበኩላችን ከዛሬ ጀምሮ ሱቅ ስንገባ አንድ ጥያቄ እንይዛለን፤ ይህ ስም ከጫማው ላይ ቢፋቅ በእጃችን የሚቀረው ምንድር ነው? የሚቀረው ያልተፋቀ ቆዳ፣ እውነተኛ ስፌት፣ የቆዳ ገበርና ነገ የምናገኘው ጠጋኝ ከሆነ ዋጋው ቢበዛም እንከፍላለን። የሚቀረው የታተመ ገጽና ካርቶን ከሆነ ግን ስሙን እዚያው ለባለቤቱ ትተን እንወጣለን። የአዛውንቱን የ4,000 ብር ጫማም ገዝተናል፤ ማኅተም እንዳያትሙበትም ለምነናቸዋል። ሲያስረክቡን ከውስጥ በኩል የገዛ ስማቸውን በእስክሪብቶ ጽፈውበት አገኘነው።